ባለቤት ወይስ ቀብድ ሰጪ?

«ባለ አክሲዮን የኩባንያው ባለቤት ነው፤ ትርፍ ቢገኝ ይጠቀማል፥ ኪሣራ ቢደርስ ይጎዳል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ ንግድ ማኅበር በሚናገሩ የመማሪያ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ሳይገኝ አይቀርም። ብዙዎችም ከዚሁ ተነሥተው ወደ አንድ መደምደሚያ ይደርሳሉ፤ ይኸውም «ኩባንያ ሲታመም ከማንም ይልቅ የሚጨነቅለት ባለቤቱ ነውና ጊዜ ይሰጠው፤ አበዳሪውም መንግሥትም እጃቸውን ይሰብስቡ» የሚል ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንቃወመው ይህንኑ መደምደሚያ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍጹም ሐሰት የበለጠ ገንዘብ ያስከፍላል። ምን ያህል እንደሚያስከፍልም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ከደረሰው ጥፋት እናሳያለን።

ነገሩን ሁላችንም ከምናውቀው ከቀብድ እንጀምር። አንድ ሰው ቤት በ2 ሚሊዮን ብር ለመግዛት ተስማምቶ 100,000 ብር ቀብድ ሰጠ፤ ቀሪውንም በስድስት ወር ውስጥ ሊከፍል ቃል ገባ እንበል። ከስድስት ወር በኋላ ቤቱ 2.5 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ፥ ሰውየው ቀሪውን ከፍሎ ቤቱን ይረከብና 500,000 ብር ያተርፋል። ቤቱ ወደ 1.2 ሚሊዮን ቢወርድ ግን ቀብዱን ትቶ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም፥ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል። እንግዲህ የዚህ ሰው ኪሣራ ከ100,000 ብር አያልፍም፤ ትርፉ ግን ጣሪያ የለውም። በገንዘብ ገበያ ቋንቋ «ኮል ኦፕሽን» የሚባለው ይህን የመሰለ መብት ነው፤ እኛም የመግዛት መብት እንለዋለን።

አሁን ወደ ኩባንያው እንሻገር። አንድ የአክሲዮን ማኅበር በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል 100 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለበት። በዚያን ቀን ንብረቱ 150 ሚሊዮን ቢያወጣ፥ ዕዳው ተከፍሎ 50 ሚሊዮኑ ለባለ አክሲዮኖች ይተርፋል። ንብረቱ ልክ 100 ሚሊዮን ቢሆን ለእነርሱ የሚተርፍ የለም። ንብረቱ 60 ሚሊዮን ብቻ ቢሆንስ? አበዳሪዎቹ 60ውን ወስደው 40 ሚሊዮን ይከስራሉ፤ ባለ አክሲዮኖቹ ግን ከዜሮ በታች አይወርዱም። ኀላፊነታቸው ባዋጡት ገንዘብ የተወሰነ ስለሆነ የቤታቸውን ዕቃ ሸጠው ክፈሉ የሚላቸው የለም። የንብረቱን ዋጋ V፥ ዕዳውን D፥ የባለ አክሲዮኖቹን ድርሻ E ብንለው፥ ነገሩ በአንድ መሥመር ይጻፋል፤

E = max(V − D, 0)

ይህ ከቀብድ ሰጪው ሂሳብ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ገልብጠን ማየት ይቻላል። ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ኩባንያው የአበዳሪዎቹ ነው፤ ባለ አክሲዮኖቹ ያላቸው፥ ዕዳውን ከፍለው ኩባንያውን ከአበዳሪዎቹ እጅ የመግዛት መብት ነው። ያዋጡት ገንዘብ ቀብድ ነው፤ የዕዳው ልክ የመግዣው ዋጋ ነው፤ የዕዳው መክፈያ ቀን ደግሞ የውሉ ቀነ ገደብ ነው። ይህን ሐሳብ ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ በ1973 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፋቸው ገለጡት፤ ሮበርት መርተንም በ1974 ስለ ኩባንያ ዕዳ ዋጋ በጻፈው አስፋፋው። (ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ካልተባሉ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ የአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአበዳሪውንም ወገን እንመልከት። አበዳሪው የሚያገኘው ከዕዳውና ከንብረቱ አነስተኛውን ነው፤ ይህም ማለት፤

D − max(D − V, 0)

የመጀመሪያው D ፈጽሞ አደጋ የሌለበት ብድር ነው። የሚቀነሰው ክፍል ደግሞ አበዳሪው ለባለ አክሲዮኖቹ የሰጣቸው ሌላ መብት ነው፤ ይኸውም ነገሩ ከተበላሸ ኩባንያውን በዕዳው ልክ ለአበዳሪው «ሸጠው» የመሄድ መብት ነው። ገበያው «ፑት ኦፕሽን» ይለዋል፤ እኛ የመሸጥ መብት እንበለው። አበዳሪ ለኩባንያ ሲያበድር ለመንግሥት ከሚያበድርበት በላይ ወለድ የሚጠይቀው በቸርነት ወይም በጭካኔ አይደለም፤ የሰጠውን የዚህን መብት ዋጋ መሰብሰቡ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተባለው የሂሳብ አጻጻፍ ለውጥ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የመግዛት መብት ንብረት ራሱ የሌለው አንድ ጠባይ አለው፤ የንብረቱ ዋጋ በተናወጠ ቍጥር መብቱ ይከብራል። ቀብድ ሰጪው የቤቱ ዋጋ አንድ ቦታ ቢረጋ ምንም አይጠቀምም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም በኀይል ቢዘል ግን ላይ ሲሆን ይወስዳል፥ ታች ሲሆን ይሄዳል። ደግሞም ቀነ ገደቡ ሩቅ በሆነ መጠን የመዝለያው ጊዜ ይረዝማልና መብቱ ይበልጥ ይከብራል። መናወጥና ጊዜ፥ እነዚህ ሁለቱ የመብት ባለቤት ወዳጆች ናቸው። ለአበዳሪው ግን ብዙ ጊዜ ጠላቶቹ ናቸው።

ይህ ጠባይ ኩባንያው ጤነኛ ሳለ እምብዛም አይታይም። ንብረቱ 300፥ ዕዳው 100 ከሆነ የጉዳቱ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው በባለ አክሲዮኑ ላይ ስለሆነ እንደ እውነተኛ ባለቤት ያስባል። የመማሪያው መጽሐፍ እውነት የሚናገረው ስለዚህ ሰው ነው። ኩባንያው ሲሰምጥ ግን ሰውየው ይለወጣል። በቍጥር እንየው።

የዚያ ኩባንያ ንብረት ወደ 90 ሚሊዮን ወርዷል፤ ዕዳው 100 ሚሊዮን ነው፤ መክፈያው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ዕቅድ ቀርቦለታል። የመጀመሪያው ዕቅድ ጭምት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ንብረቱ ያለ ጥርጥር 92 ሚሊዮን ይሆናል። ሁለተኛው ዕቅድ ቁማር ነው፤ ሳንቲም ተወርውሮ ቢቀና 130 ሚሊዮን፥ ባይቀና 40 ሚሊዮን ይሆናል። የሁለተኛው ዕቅድ አማካይ ዋጋ 85 ሚሊዮን ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በ7 ሚሊዮን ያንሳል። አገርንም ኩባንያውንም የሚያስብ ሰው የመጀመሪያውን እንደሚመርጥ አያጠራጥርም።

ባለ አክሲዮኖቹስ የትኛውን ይመርጣሉ? በጭምቱ ዕቅድ 92ቱ በሙሉ ለአበዳሪዎች ይሄዳል፤ የባለ አክሲዮኖቹ ድርሻ ዜሮ ነው። በቁማሩ ከሁለት አንዴ 30 ሚሊዮን ያገኛሉ፤ ይህም በአማካይ 15 ሚሊዮን ነው። አበዳሪዎቹ በጭምቱ 92 ያገኙ የነበሩት፥ በቁማሩ ከሁለት አንዴ 100፥ ከሁለት አንዴ 40 ያገኛሉ፤ አማካዩ 70 ነው። እንግዲህ ባለ አክሲዮኖቹ 15 ሚሊዮን ሲያተርፉ አበዳሪዎቹ 22 ሚሊዮን ይከስራሉ፤ በመካከል ያለው 7 ሚሊዮን ከነጭራሹ ጠፍቶ ይቀራል። አንባቢ ልብ ይበል፤ እዚህ ውስጥ የተሰረቀ ገንዘብ የለም፤ የተጭበረበረ መዝገብም የለም። ሥራ አስኪያጁ «የባለቤቶቼን ጥቅም አስጠብቃለሁ» የሚለውን ትእዛዝ በታማኝነት ፈጸመ እንጂ ሌላ ጥፋት አልሠራም።

የዚህ በሽታ ሌላ መልኩም አለ። በዚያው ኩባንያ 5 ሚሊዮን ብር ቢጨመርበት በእርግጥ 8 ሚሊዮን የሚያስገኝ ሥራ ተገኘ እንበል። ባለ አክሲዮኖቹ አዲስ ገንዘብ ያዋጣሉን? አያዋጡም። 90 ላይ 8 ቢጨመር 98 ነው፤ አሁንም ከ100 አይደርስምና ስምንቱም ለአበዳሪዎች ይሆናል። ስቱዋርት ማየርስ በ1977 ያሳየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የሰመጠ ኩባንያ ባለ አክሲዮን መጥፎውን ቁማር ይወዳል፤ ደጉን ሥራ ይጸየፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቅ ባለቤት የተባለውም እሱ ነው!

«ታዲያ አበዳሪዎች ሞኞች ናቸው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደሉም። ብልህ አበዳሪ ወለድ ያስጨምራል፤ መያዣ ይወስዳል፤ በውሉ ውስጥ «ያለ ፈቃዴ ይህን ያህል አትበደር፥ ይህን ንብረት አትሽጥ፥ ካፒታልህ ከዚህ በታች ቢወርድ ዕዳው ወዲያው ይከፈል» የሚሉ ግዴታዎች ያስገባል። የነዚህ ግዴታዎች ሁሉ ትርጉም፥ ከላይ ባየነው ቋንቋ፥ የመብቱን ጊዜ ማሳጠርና መናወጡን መቀነስ ነው። እውነተኛው አደጋ የሚመጣው አበዳሪው ለመጠበቅ ምንም ምክንያት ሳይኖረው ሲቀር ነው። እንዲህ ያለ አበዳሪ ደግሞ በሚሊዮን ይቈጠራል፤ ገንዘቡ በመንግሥት መድን የተረጋገጠለት የባንክ አስቀማጭ ነው። እሱ ባንኩ ቢወድቅም ገንዘቡን ያገኛልና ባንኩ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። የመሸጡን መብት የሰጠው እንግዲህ አስቀማጩ ሳይሆን መድኑን የሚከፍለው አካል ነው። መርተን በ1977 የተቀማጭ ገንዘብ መድን የመሸጥ መብት መሆኑን በሂሳብ አሳየ። ያልተጠየቀው ጥያቄ፥ ይህን መብት ማን በነጻ ያድላል የሚለው ነበር። መልሱን አሜሪካ በ1980ዎቹ ሰጠች።

በዚያ አገር የቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚባሉ ድርጅቶች ነበሩ። ሥራቸው ከሕዝብ የአጭር ጊዜ ተቀማጭ ተቀብሎ ለቤት መሥሪያና መግዣ በማይለወጥ ወለድ እስከ 30 ዓመት ማበደር ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የገበያው ወለድ ከ10 በመቶ በላይ ሲወጣ፥ ማኅበራቱ በ6 እና በ8 በመቶ ያበደሩትን ይዘው ቀሩ። አዲስ የተሰጠ የ30 ዓመት ብድር ወለዱ 6 በመቶ ሆኖ የገበያው ወለድ 12 በመቶ ቢሆን፥ ያ ብድር ሲሸጥ ከመቶው 60 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በገበያ ዋጋ ሲለካ ብዙዎቹ ማኅበራት ዕዳቸው ከንብረታቸው በልጦ ነበር። በመዝገብ ግን ብድሩ በተሰጠበት ዋጋ ተጽፎ ይኖራልና በሕይወት ያሉ መሰሉ። ኤድዋርድ ኬን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የቁም ሙታን ብሎ ሰየማቸው።

መንግሥት እነዚህን የቁም ሙታን በመዝጋት ፈንታ ምን አደረገ? የመማሪያውን መጽሐፍ ቃል አምኖ «ባለቤቶቹ ያድኗቸዋል፤ ጊዜና ነጻነት እንስጣቸው» አለ። በ1980 መድን የሚሸፍነውን የተቀማጭ ልክ ከ40,000 ወደ 100,000 ዶላር ከፍ አደረገ። ሊይዙ የሚገባቸውን ካፒታል ከ5 በመቶ ወደ 4፥ በ1982 ደግሞ ወደ 3 በመቶ አወረደ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግም ከቤት ብድር አልፈው ወደ ንግድ ብድርና ወደ ሌሎች አደገኛ ሥራዎች እንዲገቡ በሩን ከፈተላቸው። ከላይ ያልነውን አንባቢ ያስታውስ፤ የመብት ወዳጆች መናወጥና ጊዜ ናቸው። መንግሥት ሁለቱንም በአንድ እጁ ሰጠ፤ በሌላው እጁ ደግሞ ኪሣራውን እኔ እከፍላለሁ ብሎ ፈረመ።

ከሁሉ ስሙ የገነነው በካሊፎርኒያ የነበረው ሊንከን የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። በ1984 የቻርልስ ኪቲንግ ኩባንያ አሜሪካን ኮንቲኔንታል በ51 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የማኅበሩ ንብረት 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላይ ሆነ። ገንዘቡ የመጣው መድን ካለው ተቀማጭ ነው፤ የሄደውም ወደ አሪዞና ባዶ መሬት፥ ወደ ሆቴል ግንባታና አደጋቸው ከፍ ወዳለ የዕዳ ሰነዶች ነው። በ1987 የሳን ፍራንሲስኮ ተቆጣጣሪዎች ማኅበሩ እንዲወረስ ሐሳብ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት አምስት ሴናተሮች ተቆጣጣሪዎቹን ጠርተው ስለ ኪቲንግ ጉዳይ አነጋገሯቸው። ቀጥሎም ጉዳዩ ከሳን ፍራንሲስኮ ተወስዶ ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ፤ ማኅበሩም እስከ ሚያዝያ 1989 ሳይነካ ቈየ። ሲወረስ የሕዝቡ ኪሣራ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የ51 ሚሊዮን ቀብድ እንግዲህ በቢሊዮን የሚቈጠር መሬትና ሰነድ አስያዘ፤ ሁለቱ የመዘግየት ዓመታት ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ የመብት ጊዜ ነበሩ። በማኅበሩ ቅርንጫፎች ውስጥ መድን የሌለውን የአሜሪካን ኮንቲኔንታልን የዕዳ ሰነድ የገዙ ከ20,000 በላይ ሰዎችም፥ ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፥ ያጠራቀሙትን አጡ።

ሊንከን ብቻውን አልነበረም። ከ1986 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት 1,043 የቁጠባና ብድር ማኅበራት ወድቀዋል፤ ከግብር ከፋዩ ኪስ የወጣውም 124 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። የሚከፍለው የመድን ድርጅት ራሱ ከስሮ በ1989 ፈረሰ።

ተከራካሪዎቻችን ሁለት መልስ ያቀርባሉ። አንደኛው «ጥፋቱ የሌቦች እንጂ የሥርዓቱ አይደለም» የሚል ነው። ሌቦች እንደነበሩ አንክድም፤ ኪቲንግም በ1999 በማጭበርበር ጥፋተኛነቱን አምኗል። ነገር ግን ከሺህ በላይ ማኅበራት በአንድ ዘመን ሲወድቁ ምክንያቱን በሺህ ሰዎች ክፉ ጠባይ ብቻ መግለጽ አይበቃም። ከላይ ያየነው የ90 እና የ100 ሂሳብ ሐቀኛውንም ሰው ወደዚያው ይገፋዋል፤ ሌባውንም ወደዚያ ይጠራዋል። ሁለተኛው መልስ «ሥራ አስኪያጅ ስሙንና እንጀራውን ይፈራልና አይቆምርም» ይላል። ይህ ከፊል እውነት አለው፤ ሲሰምጡ ቁማሩን ትተው የሚጠነቀቁ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። የመርተንም ሂሳብ ፍጹም አይደለም። የኩባንያ ንብረት ዋጋ በየቀኑ አይታይም፤ ዕዳም በአንድ ቀን ብቻ አይከፈልም፤ ብልህ አበዳሪም ቀኑ ሳይደርስ ይደርስበታል። ስለዚህ ሁሉ ይቆምራል አንልም። የምንለው፥ የማይቆምረው ሰው የራሱን ጥቅም እየተወ ነውና የሕዝብ ገንዘብ በእንዲህ ያለ ሰው ቸርነት ላይ ሊመሠረት አይገባም ነው።

በሽታውን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በገበያ ዋጋ ሲለካ ባዶ የሆነ ባንክ አክሲዮኑ አሁንም ዋጋ ካለው፥ ያ ዋጋ የመብት ዋጋ ነው። ባለ አክሲዮኖቹ አዲስ ገንዘብ አናዋጣም እያሉ የትርፍ ድርሻ ግን ካከፋፈሉ፥ ከቀብዳቸው ላይ እየመለሱ ነው ማለት ነው። ባንኩ ከጎረቤቶቹ የበለጠ ወለድ እየከፈለ ተቀማጭ በችኮላ ሲሰበስብና ወደማያውቀው ሥራ ሲገባ ደግሞ ሳንቲሙ እየተወረወረ ነው።

መድኀኒቱም ከዚሁ ይከተላል። ንብረቱ ወደ ዕዳው ልክ ሳይደርስ፥ ባለ አክሲዮኑ ገና የሚጠፋበት ነገር ሳለ፥ መብቱን መዝጋት ነው። አሜሪካ ከጥፋቱ በኋላ በ1991 ይህን በሕግ አወጀች፤ ካፒታሉ ከንብረቱ 2 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የወረደ ባንክ በመሠረቱ በ90 ቀን ውስጥ ለሞግዚት እንዲሰጥ አዘዘች። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚለካው በመዝገብ ነው። በመጋቢት 2023 የወደቀው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በ2022 መጨረሻ በመዝገቡ 16 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካፒታል ነበረው፤ እስከ መክፈያቸው ቀን እይዛቸዋለሁ ባላቸው ሰነዶች ላይ ግን በገበያ ዋጋ 15 ቢሊዮን ያህል ከስሮ ነበር፤ ይህ ኪሣራ ከካፒታሉ አልተቀነሰም። ከ40 ዓመት በኋላም ያው የወለድ በሽታ በዚያው የመዝገብ መጋረጃ ተሸፍኖ መጣ።

በአገራችንም የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2017 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ባንክ ታመመ ሲባልና «ለባለቤቶቹ ጊዜ ስጧቸው» የሚል ድምፅ ሲሰማ፥ ልንጠይቅ የሚገባን የባለቤቶቹን መልካም ስም አይደለም። ንብረቱ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ዕዳው ስንት ነው? በመካከሉ ያለው የማን ገንዘብ ነው? በመካከሉ የእነርሱ ገንዘብ ከሌለ፥ ፊታችን የቆመው ባለቤት አይደለም፤ ቀብዱን የጨረሰ ገዢ ነው። ጊዜ ስጡኝ ሲልም የሚለምነው ምሕረትን አይደለም፤ ዋጋ ያለውን ነገር ያለ ዋጋ ስጡኝ ማለቱ ነው።